ጥያቄና መልስ፦ ነባር የቡድን መሪ ሲዛወር የርክክብ ሰነዱ ምን ይያዝ?

በሐይቅ ዳርቻ ጥበቃ ቡድን መሪነት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ወደ ዕቅድ ክፍል ተዛውሬያለሁ። የርክክብ ሰነዱን ስጽፍ አርባ ገጽ ደረሰ። ኃላፊዬ «ይህን ማን ያነበዋል?» አሉኝ። ምኑን ልቁረጥ? (ከሽምብጥ)

የሥራ መደቡን ዝርዝር ተግባር ያውጡት፤ የሰው ሀብት ክፍል ፋይል ውስጥ ይገኛል። የቡድኑን የምሥረታ ታሪክና የቆዩ ሪፖርቶችን ቅጂም ያውጡ። እንደምገምተው ከአርባው ገጽ ግማሹ በዚህ ብቻ ይሄዳል። የቀረውን ተተኪዎ በሚፈልጉት ቅደም ተከተል ያስቀምጡት። መጀመሪያ በሚቀጥሉት ሠላሳ ቀናት ውስጥ ቀነ ገደብ ያላቸው ጉዳዮች፣ ቀጥሎ ያልተቋጩ ሥራዎች፣ ከዚያ የዓመቱ የሥራ ወቅቶች፣ በመጨረሻም አንዳንድ ነገሮች እንዲህ የሚሠሩበት ምክንያት ይምጣ።

ያልተቋጩት ሥራዎች የሰነዱ ዋና አካል ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሰንፈውም እዚያ ላይ ነው። «የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ፦ በሂደት ላይ» የሚል መስመር ስንት ጊዜ አንብቤአለሁ! ከዚህ ተተኪው ምን ይረዳል? ርክክቡ መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው እንበል። ያው ጉዳይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«የጥቅምት የእምቦጭ ነቀላ። ከሦስቱ ወረዳዎች ሁለቱ የሚያሰማሩትን የሰው ብዛት በደብዳቤ አሳውቀዋል። ሦስተኛው በስልክ እሺ ብሏል እንጂ ደብዳቤ አልላከም። የጀልባ ነዳጅ ክፍያ ጥያቄያችን ፋይናንስ ክፍል ነው፤ እስከ መስከረም 20 ካልተፈቀደ ጀልባዎቹ ለዘመቻው አይደርሱም። ቀጣዩ እርምጃ ወረዳውን ደብዳቤ መጠየቅ ነው። ሰነዶቹ በሦስተኛው መደርደሪያ፣ በአረንጓዴው ፋይል ውስጥ ናቸው።»

አምስት ነገር ይዟል፤ ጉዳዩ የደረሰበትን፣ ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ፣ ቀኑ ካለፈ የሚበላሸውን፣ ቀጣዩን እርምጃና ወረቀቱ ያለበትን ቦታ። ከሁሉም የምወደው «በስልክ እሺ ብሏል እንጂ» የሚለውን ነው። በአፍ ያለቀ ጉዳይ ያለቀ መስሎ ከተጻፈ፣ ተተኪው ጥቅምት ላይ ባዶ ዳርቻ ይጠብቃቸዋል።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ። የጣና ውሃ በክረምቱ ዝናብ ይሞላና መስከረም አካባቢ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እየሸሸ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ በጣም ዝቅ ይላል። እምቦጩን ደግሞ ነፋስ ከቦታ ቦታ ይነዳዋል፤ ዛሬ የደንቢያን ዳርቻ የሸፈነው በሌላ ሳምንት ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። እርስዎ ይህን በልምድ ስለሚያውቁ የተለካ ስፋት ሁሉ ቀን እንዲጻፍበት ያዛሉ። የተነቀለውም ውሃው ከሚደርስበት ከፍታ በላይ እንዲከመር፣ ገበሬው በሚያርሰው ባሕር ሸሽ መሬት ላይ እንዳይጣል ያደርጋሉ፤ የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያልና። በሰነዱ ላይ «ክምሩ ከዳርቻው ይራቅ» ብለው ትእዛዙን ብቻ ከጻፉ፣ ተተኪዎ የማጓጓዣ ወጪ ለመቀነስ ብለው በመጀመሪያው ወር ይሽሩታል። አይፈረድባቸውም፤ ምክንያቱን የነገራቸው የለም። ስለዚህ ከትእዛዙ አጠገብ አንድ መስመር ምክንያት ይጨምሩ። እንዲህ ያለ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው ውሳኔዎች ከአሥር አይበልጡም፤ የተቀረውን ተተኪው በራሱ ይደርስበታል።

በዓመቱ የሥራ ወቅቶች ገጽ ላይ የሐይቁን ወቅትና የበጀቱን ወቅት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ለጥቅምት የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ በዕቅድ መግባት ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ይህን የማያውቅ ተተኪ ገንዘቡን ነሐሴ ላይ ይፈልግና ያጣዋል።

ሰነዱን ጨርሰው ከመፈረምዎ በፊት፣ ጉዳዩን የማያውቅ የቡድኑ አባል አንዱን ገጽ አንብቦ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ በቃሉ ይንገርዎ። ከተደናገረ ጎዶሎው ገጹ ነው።

በሰነዱ ላይ ስለ ሠራተኞቼ ድክመትና ጥንካሬ ልጻፍ? ተተኪዬ እንዳይታለሉ ፈልጌ ነው። (ከግሽ ዓባይ)

አይጻፉ። ይህ ሰነድ ቅጂው መዝገብ ቤት ይገባል፣ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ተጽፎበት የተገኘ ሰውም መልስ የሚሰጥበት ዕድል የለውም። በምትኩ እያንዳንዱ ሠራተኛ ምን እንደያዘ፣ እሱ ሲቀር ማን እንደሚተካው፣ በቃልዎ የገቡለትን ተስፋ ይጻፉ። «ኅዳር ላይ የዓመት ፈቃድ ትወጫለሽ» ተብላ የተነገራት ሠራተኛ አዲሱ ኃላፊ «አላውቅም» ቢሏት የምትቀየመው በሁለታችሁም ነው።

የአፈጻጸም አስተያየት የሚሰጥበት መንገድ ግን አለ፤ የግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና። ግማሽ ዓመቱ ሳያልቅ ከተዛወሩ እርስዎ የመሩበትን ጊዜ በምዘናው ቅጽ ሞልተው፣ ሠራተኛው አይቶት ከፈረመ በኋላ ያስረክቡ። አለበለዚያ አዲሱ ኃላፊ ያላዩትን ጊዜ ሊመዝኑ ነው።

የቡድናችን የቴሌግራም ግሩፕ በእኔ ስልክ ቁጥር የተከፈተ ነው፤ የመረጃ ሰንጠረዦቹም በግል ኢሜይሌ ላይ ናቸው። የይለፍ ቃሌን ለተተኪዬ ልስጥ? (ከቀበሌ 14)

የይለፍ ቃልዎን ለማንም አይስጡ፤ የሚተላለፈው ባለቤትነቱ ነው። ቴሌግራም የግሩፕ ባለቤትነትን ማስተላለፍ የሚፈቅደው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ካበራ ከሰባት ቀን በላይ፣ በያዘው ስልክም ከገባ ከ24 ሰዓት በላይ ለሆነው ባለቤት ነው። ስለዚህ ማረጋገጫውን ዛሬ ያብሩት፤ በርክክቡ ቀን ቢያስታውሱ ሳምንት ይጠብቃሉ። በጎግል ድራይቭ ያሉትን ሰንጠረዦች ደግሞ መጀመሪያ ለተተኪዎ ያጋሩና ባለቤትነቱን እንዲቀበሉ ጥያቄ ይላኩ። ተተኪዎ ተቀበልሁ እስኪሉ ድረስ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህችን ነው። በሰነዱ ላይ የፋይሉን ስምና የተላለፈበትን ቀን መጻፍ ይበቃል።

ቡድኑን ከተረከብሁ ሁለት ወር ሆነኝ። የቀድሞዋ ኃላፊ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ስለሚሠሩ ወረዳዎቹም ሠራተኞቹም አሁንም እሳቸው ጋር ይሄዳሉ። ማስቀየም አልፈልግም። (ከፋሲሎ)

ከሰነዱ የጎደለው ውሳኔው ወደ እርስዎ የሚዞርበት ቀን ነው። አሁንም አልረፈደም። ከዚህ ቀን በኋላ ደብዳቤ ለማን እንደሚጻፍ የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ የሁለታችሁም ፊርማ ኖሮበት ለወረዳዎቹ ይላክ። የእሳቸው ፊርማ ከሌለበት እርስዎ ከሥልጣን ያባረሯቸው ያስመስላል። ጥያቄዎችዎን ደግሞ አጠራቅመው በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ያቅርቡላቸው። የመለሱልዎትን ያን ዕለት በሰነዱ ውስጥ ይጻፉት፤ ያለበለዚያ በዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ።

ላፕቶፕና የመስክ ዕቃዎችም በዚሁ ሰነድ ይዘርዘሩ? (ከጣና ክፍለ ከተማ)

በፍጹም። ንብረት የራሱ የርክክብ ቅጽ አለው፣ የሚያልፈውም በንብረት ክፍል በኩል ነው። በሞዴል 22 ወጪ የወሰዱትን እየቆጠሩ ይመልሱ፣ ወይም በተተኪዎ ስም እንዲዞር ያድርጉ። ዕቃውን ለባልደረባዎ በእጅ ሰጥተው መሄድ ከተጠያቂነት አያወጣዎትም፤ መዝገቡ ላይ ስምዎ እስካለ ድረስ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።