ሩት ሎከስ ሲሳል አሲምፕቶቱና ራውዝ ለምን አይስማሙም?

«ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር የምማር የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የ K/[s(s+1)(s+5)] ሩት ሎከስ ስስል ሁለት የብሬክአዌይ ነጥቦች አገኘሁ። አሲምፕቶቱ ደግሞ ምናባዊውን አክሲስ 3.46 ላይ ይቆርጠዋል፤ ራውዝ ግን 2.24 ይለኛል። የትኛውን ልያዝ?»

ራውዝን ያዝ። እዚሁ ጎንደር ተማሪዎችን ሳስጠና ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ ብዙዎቹ አሲምፕቶቱን በማስመሪያ ያሰምሩና ቅርንጫፉን በላዩ ላይ ይለጥፉታል። አሲምፕቶት የሚነግርህ K በጣም ሲያድግ ቅርንጫፉ ወዴት እንደሚያመራ ብቻ ነው።

ያንተን ምሳሌ እንይ። ፖሎቹ 0፣ -1 እና -5 ናቸው፤ ዜሮ የለም። ድምራቸው -6 ለሦስት ሲካፈል -2 ይሆናል፤ አሲምፕቶቶቹም ከዚያ ተነስተው በ60፣ በ180 እና በ300 ዲግሪ ይወጣሉ። 3.46 ያልከው 2×tan 60° ነው፤ ይህም ቀጥተኛው መስመር አክሲሱን የሚቆርጥበት ቦታ ነው። ቅርንጫፉ ግን የሚነሳው ከ-2 በስተቀኝ ስለሆነ አክሲሱን ቀድሞ፣ ዝቅ ብሎ ያቋርጠውና መስመሩን የሚጠጋው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለቱን ነጥቦች ያገኘኸው ከ 3s²+12s+5=0 ነው፦ -0.47 እና -3.53። ስሌትህ ትክክል ነው፤ ሁለቱንም መሳልህ ግን ትክክል አይደለም። ከ-3.53 በስተቀኝ ያሉት ፖሎች ሁለት ናቸው፤ ሎከሱ በሪል አክሲስ ላይ የሚያልፈው ደግሞ በስተቀኝ ያሉት ቁጥራቸው ጎዶሎ በሆነበት ብቻ ነው። ካላመንክ K = -(s³+6s²+5s) ውስጥ አስገባቸው። -0.47 ወደ 1.13 ይሰጥሃል፤ -3.53 ግን ወደ -13.1። ኔጌቲቭ ጌይን ያልፈለግህ ከሆነ ሁለተኛውን ተወው። የመጀመሪያው ነጥብ በ0 እና በ-1 መካከል ልክ እኩሌታው ላይ አለመሆኑንም ልብ በል፤ በ-5 ያለው ፖል ትንሽ ወደ ቀኝ ገፍቶታል። ሁለቱ ቅርንጫፎች ከዚያ ሲለያዩ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይነሳል።

ለማቋረጫው ባሕርያዊ እኩልታው s³+6s²+5s+K=0 ነው። በራውዝ ሰንጠረዥ የ s¹ ረድፍ (30-K)/6 ይወጣል፤ ዜሮ የሚሆነው K=30 ሲሆን ነው። ከበላዩ ካለው ረድፍ 6s²+30=0 ይመጣል፤ s=±j2.24። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የሦስቱ ሥሮች ድምር ምንጊዜም -6 ስለሆነና በአክሲሱ ላይ ያሉት ሁለቱ ድምራቸው ዜሮ ስለሆነ፣ ሦስተኛው በ-6 ላይ መገኘት አለበት። (s+6)(s²+5)ን ስታባዛ እኩልታው ራሱ ይመለስልሃል።

የጓደኛህ መልስ K=6 ከሆነ ደግሞ ከመከራከርህ በፊት ፎርሙላውን እይ። መጨረሻውን (0.2s+1) ብሎ ጽፎት ከሆነ የእሱ K ካንተ በአምስት እጅ ያንሳል፤ ሥዕሉ ግን አንድ ነው።