መረቁን ብቻ ሳይሆን ሥጋውን ስጡት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

«ልጄ ስድስት ወር ሞላው። የሥጋ መረቅ ጀምሬለታለሁ። አይረን ይበቃዋል?»

አይበቃውም፣ እህቴ። አይረኑ ያለው ሥጋው ውስጥ ነው። ሲቀቀል ወደ መረቁ የሚወጣው በጣም ጥቂት ነው። ሕፃን ሲወለድ ይዞት የመጣው የአይረን ክምችት ወደ ስድስት ወር ገደማ ይሟጠጣል። የጡት ወተት ውስጥ ያለውም ትንሽ ነው።

ስለዚህ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ አድቅቀሽ ክተፊ። በደንብ እስኪለሰልስ ቀቅዪውና ከነመረቁ ፍጪው። ደረቅ ከሆነ ሕፃኑ ይተፋዋል፤ ድንች ብትቀላቅዪበት ይላላል። በአንድ ሻይ ማንኪያ ጀምረሽ ቀስ በቀስ ጨምሪ። ጨው አያስፈልገውም። ጉበትም አይረን ሞልቶታል፤ ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በሳምንት ከአንድ ቀን አይለፍ።

«ስምንት ወሩ ነው። ትንሽ ጓል ሲገጥመው ኧኽ ኧኽ ስለሚል እስካሁን ሁሉንም ፈጭቼ ነው የምሰጠው።»

ፊቱ ቀልቶ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ድምፅ እያሰማ ከሆነ ምግቡን ራሱ እየመለሰው ነው። ታገሺው። አስፈሪው ዝምታ ነው፤ መሳልም ማልቀስም ካቃተው ታንቋል። ያኔ ክንድሽ ላይ በሆዱ ደፍተሽ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገሽ፣ በትከሻዎቹ መሀል 5 ጊዜ ምቺውና እርዳታ ጥሪ።

በዚህ ዕድሜ ግን መፍጨቱን ቀንሺ። በሹካ የተዳመጠ ምግብና በጣት የተፈተለ ልስልስ ሥጋ ይችላል። ጓል ያለው ምግብ ሳይለምድ ከቆየ በኋላ እምቢ ይላል።

«የመጀመሪያ ልጃችን የእንቁላል አለርጂ አለባት። ለታናሿ ዓመት እስኪሞላው ላቆየው?»

ማቆየቱ ከአለርጂ አያድነውም፤ እንዲያውም ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ መልመዱ ይረዳል። ከባድ የቆዳ ችፌ ካለበት ወይም ከዚህ በፊት ምግብ አስቆጥቶት ከሆነ ግን በቤት አትሞክር፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ካልሆነ፣ ጤነኛ በሆነበት ቀን ጧት ይሁን። ማታ ከሰጠኸው የሚሆነውን ሳታይ ይተኛል። እንቁላሉን ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክር ቀቅል። ሩብ ሻይ ማንኪያ የሚሆን ከለመደው ምግብ ጋር ስጠው። 10 ደቂቃ ጠብቅ፤ ምንም ካልታየ ትንሽ ጨምርለት። ለሁለት ሰዓት ዓይንህ አይራቀው። ቆዳው ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ካስመለሰው አቁምና ሐኪም አማክር። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከዛለ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል! ከተስማማው ደግሞ አታቋርጥበት፤ በየሳምንቱ ይደገም።

«ዓሣውንስ አብሬ ልጀምር?»

አብረሽ አይሁን። እንቁላሉ ከተስማማው ሁለት ሦስት ቀን ቆይተሽ በዚያው መንገድ ጀምሪ። አለዚያ ሽፍታ ቢወጣ የቱ እንዳመጣው አታውቂም። ሥጋው በራሱ እስኪፈረካከስ ይብሰል። እሾሁን በዓይን ብቻ አትመኚ፤ እያንዳንዷን ጉርሻ በጣትሽ ፈትጊያት። እንደ ሻርክ ያሉ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ሜርኩሪ ስለሚበዛባቸው ለሕፃን አይሰጡም።