የማይገጥሙትን መስመሮች ያዢ

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ልምምድ የወጣሁት ጣና ዳር ያለ ሆቴል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ስመዘግብ እውላለሁ። ይሄንን እኮ ኤአይ ሊሠራው ነው ይላሉ። ሙያ ልቀይር እንዴ?»

ሙያውን እንኳ አትልቀቂው። ደረሰኝ እያዩ ቁጥር መክተቡ ግን ዕድሜ የለውም፤ እሱን ተማምነሽ ሥራ እንዳትፈልጊ።

ከሆቴሉ ሳትወጪ አለቃሽን የአንድ ወር የባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ ማለትም የሆቴሉን መዝገብ ከባንኩ ጋር የማመሳከር ሥራ ስጠኝ በይው። ስቴትመንቱንና የሆቴሉን የባንክ ሌጀር ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አድርጊ። በብር መጠንና በማጣቀሻ ቁጥር የሚገጥሙትን ኤክሴል በፎርሙላ ያጣምርልሻል፤ እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፊ። የአንቺ ሥራ የተረፉት መስመሮች ናቸው።

ለምሳሌ ሌጀሩ 86,400፣ ባንኩ 84,600 ቢል ልዩነቱ 1,800 ነው፤ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህ ሁለት አኃዝ ቦታ ለመለዋወጣቸው ምልክት ነው (ምልክት ብቻ! ደረሰኙን ማየት አይቀርም)። ይሄንንስ ማሽኑም ይደርስበታል። ከበድ የሚለው ካሸሩ የሦስት እንግዶችን ሂሳብ ደምሮ በአንድ ጊዜ ባንክ ሲያስገባ ነው። ድምሩ የሚገጥም ሦስት ደረሰኝ ፕሮግራሙ ሊያቀርብልሽ ይችላል፣ ግን ሌሎች ሦስትም ያንኑ ድምር ሊሰጡ ይችላሉ፤ እውነቱ ያለው የካሸሩ የዕለት ሪፖርት ላይ ነው።

ደግሞ የእኛው የቀን ነገር አለ። በእጅ 05/04/2018 ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ የታኅሣሥ 5 ነው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 14 ቀን 2025። ፕሮግራሙ ግን ኤፕሪል 5 ቀን 2018 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወሰደው ማለት ነው፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግርሽም።

በእያንዳንዱ የተረፈ መስመር አጠገብ ምክንያቱን፣ ማስረጃውንና ምን እንደሚደረግ ጻፊ። ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ሌጀር ላይ ከሌለ ማስተካከያ ይመዘገባል። ተጽፎ ገና ያልተመነዘረ ቼክ ከሆነ ግን ምንም አይመዘገብም፣ ይጠበቃል። ሁለቱን መለየት ነው ሙያው። ልዩነቱን ዜሮ ለማድረግ ብቻ የሚቀርብልሽን ማስተካከያ፣ ከማሽን ይምጣ ከሰው፣ እንዳትቀበዪ፤ ስርቆት የሚደበቀው እንደዚያ ባለ መስመር ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ የሆቴሉን ስቴትመንት ሳታስፈቅጂ ነፃ የኤአይ መተግበሪያ ላይ እንዳትጭኚ።

ስትጨርሺ አስፈቅደሽ፣ የእንግዶቹን ስምና የሂሳብ ቁጥሮቹን አጥፍተሽ፣ ኮፒውን ያዢ። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ፒችትሪ እችላለሁ ከማለት ይልቅ እሱን አውጥተሽ፣ ከመስመሮቹ አንዱ ለምን እንዳልገጠመ አስረጂያቸው።