አሥራ ሁለት ክኒን ዳይክሎፌናክ

«ጀማሪ ፋርማሲስት ነኝ። በሚመጣው ሳምንት በማኅበረሰብ የጤና ቀን ላይ፣ የተረፈ መድኃኒት ለጎረቤት መስጠት ለምን አደገኛ እንደሆነ ለ15 ደቂቃ እንድናገር ተመድቤአለሁ። ከዚህ በፊት ሳወራ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማና ይሄዳል፣ የሚለወጥ ነገር የለም። ልምድ ያላችሁ እንዴት ነው የምትናገሩት?»

እህቴ፣ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን በሙሉ አበላሽቻቸዋለሁ። ስለ መድኃኒት መላመድ፣ ስለ አለርጂ፣ ስለ ጉበት፣ ስለ እርግዝና ሁሉንም በ15 ደቂቃ ልጨርስ ስል ሰዉ አንዱንም ሳይዝ ይበተን ነበር። አሁን የማወራው ስለ አንድ ክኒን ብቻ ነው፤ ስለ ዳይክሎፌናክ። አንቲባዮቲክ ዝም ብሎ እንደማይወሰድ ሰው ቢያንስ በወሬ ሰምቷል። የህመም ማስታገሻን ግን ከመድኃኒት የሚቆጥረው የለም፤ እንደ መርፌና ክር ከቤት ቤት ሲዞር ነው የማየው።

የምነግራቸው በራሴ መስኮት ያጋጠመኝን ነው። አንድ ስልሳዎቹን የተሻገሩ አባት ባዶ ስትሪፕ ይዘው መጡና «ይህንኑ ድገመኝ፣ ለጉልበቴ ተስማምቶኛል» አሉኝ። ባለ 50 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ ነው። ማን አዘዘልዎት ስላቸው ሳቁ፤ ጎረቤታቸው ለወገቧ ታዞላት ሲሻላት የተረፋትን 12 ክኒን ሰጥታቸዋለች። እሷ በቀን ሦስቴ ትወስድ ስለነበር እሳቸውም በቀን ሦስቴ፣ አራት ቀን ሙሉ። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቅኋቸው። «የለም» አሉ። «የግፊትስ?» ስላቸው፣ «እሱማ የዕለት ነው እንጂ መድኃኒት ነው እንዴ!» ኢናላፕሪልና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለዓመታት ሲወስዱ ኖረዋል። ወንበር ሰጠኋቸውና ካልሲያቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው። የካልሲው ላስቲክ ያረፈበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ቦይ ሠርቷል። ሽንትዎስ? ስል፣ ከትናንት ወዲህ መቀነሱን ያኔ ገና አስታወሱ። ግፊታቸው ከወትሮው በጣም ከፍ ብሏል። ክኒኑን አልሸጥኩላቸውም፤ ማስታወሻ ጽፌ በዚያው ቀን ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬቲኒን ከዚህ በፊት 1.1 ነበር፤ አሁን 2.4 ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቆም በይና ምክንያቱን አስረጂ። «ለኩላሊት መጥፎ ነው» ብለሽ ካለፍሽው ማስፈራሪያ ብቻ ይሆናል። እኔ በእጄ ነው የማሳየው። ኩላሊት ደም የሚያጣራው በግፊት ነው፤ በወንፊቱ ላይ ደም የሚያስገባ አንድ ቀጭን ቱቦ፣ የሚያስወጣ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። ዳይክሎፌናክ ህመሙን የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው፤ በኩላሊት ውስጥ ግን የመግቢያውን ቱቦ ከፍቶ የሚይዘው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ መግቢያው ይጠባል። ኢናላፕሪል ደግሞ መውጫውን ያሰፋል። የሚያሸናው መድኃኒት ከቱቦው የሚያልፈውን ፈሳሽ ይቀንሳል። አንድ እጄን ጨብጬ፣ ሌላውን ከፍቼ «አሁን በመካከል ግፊት ከየት ይምጣ?» ስላቸው መልሱን ራሳቸው ይሰጡኛል። ሁለቱ የግፊት መድኃኒቶች ብቻቸውን ሳሉ ደህና ነበሩ። የጎረቤት ክኒን ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰውየው ተቅማጥ ቢይዛቸው ወይም ውሃ ባይጠጡ ኖሮ ይብስ ነበር።

ምልክቱንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፦ ሽንት ማነስ፣ የእግር እብጠት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደት መጨመር፣ ትንፋሽ ማጠር። ነገር ግን ኩላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ አያምም፤ በደም ምርመራ ካልሆነ የማይታይበት ጊዜ አለ። «ካመመኝ አቆመዋለሁ» የሚል ሰው የሚጠብቀው ህመም ላይመጣ ይችላል። ጨጓራም እንደዚሁ ነው፤ ምንም ሳያቃጥል ሊደማ ይችላል፣ የሚታወቀው ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ነው።

ቀጥሎ ወደ ጎረቤቲቱ እመለሳለሁ፤ ንግግሩ የሚያዘው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። እሷን ጥፋተኛ ካደረግሽ ግማሹ አዳራሽ ይዘጋብሻል፤ ሁሉም አንድ ቀን ሰጥቷልና። ክኒኑ ሲታዘዝላት ጨጓራ አለሽ ወይ፣ አስም፣ ግፊት፣ ኩላሊት፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ተብላ ተጠይቃለች። ለሁሉም «የለም» ብላ ነው የተሰጣት። ለሰውየው ስትሰጥ 12ቱ ክኒኖች ተላለፉ፤ ጥያቄዎቹ ግን እሷ ዘንድ ቀሩ። በዚያ ላይ ሰውየው ለጥርሳቸው አይቡፕሮፌን ገዝተው ቢሆን ኖሮ፣ ስሙ ስለሚለያይ አንድ ዓይነት መድኃኒት ደርበው እየወሰዱ መሆኑን አያውቁም ነበር።

አንድ ነገር በእጅሽ ይዘሽ ውጪ፦ በመቀስ የተቆረጠ ስትሪፕ። ሰው ሲያካፍል አራት ክኒን ቆርጦ ነው የሚሰጠው። የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ጫፍ ብቻ ስለሚታተም ሰጪው ዘንድ ሊቀር ይችላል፣ ስሙም ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ከፊት ወንበር ላለ ሰው ስጪውና «ምንድን ነው? መቼ ያበቃል?» በዪው። አገላብጦ ሲያጣው አዳራሹ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትዪውን ይሰማሉ።

አሁን የእኔን ስህተት ስሚ። አንድ ጊዜ ስለ ኢናላፕሪልና ዳይክሎፌናክ በደንብ አስፈራርቼ ጨረስኩና በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት መጥተው «አንተ ኩላሊት ይጎዳል ስላልከኝ የግፊቱን ተውኩት» አሉኝ። ግፊታቸው ሰማይ ነክቷል። ከዚያ ወዲህ፣ በሐኪም የታዘዘላችሁን የግፊት ክኒን ማንም እንዳያቆም፣ መቅረት ያለበት የተጨመረው ነው እያልኩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እደግመዋለሁ። አንቺም አትርሺው።

በመጨረሻ «የልጄ ሽሮፕ ተርፎኛልስ?» የሚል አይጠፋም። በውሃ የተበጠበጠ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ቀን፣ ማለትም እንደ አመራረቱና እንደ አቀማመጡ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ ካለፈ ይጣላል። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ባለ 125 ታዞለት ባለ 250ውን በዚያው ማንኪያ ቢሰጡት መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ስለ አወጋገድ ሲጠይቁሽ፣ የሚቀበል መድኃኒት ቤት ካለ ይመልሱ፤ ከሌለ ከስትሪፑ አውጥተው ከአፈር ጋር ቀላቅለው፣ በላስቲክ አስረው ከቆሻሻ ጋር ያውጡት በያቸው።

ጥያቄውን ሁሉ ግን በማይክ አትቀበዪ። እኔ ጥግ ላይ ጠረጴዛና የግፊት መለኪያ አስቀምጬ «ቤት ያለውን ይዛችሁ ኑ» እላለሁ። ባለፈው አንዷ ከቦርሳቸው አምስት ዓይነት ስትሪፕ አወጡ፤ ሁለቱ ዳይክሎፌናክ ነበሩ፣ ስማቸው ግን የተለያየ። አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለባለቤታቸው እህት ብለው ያስቀመጡት ነው።