በመታጠቢያ ቤት እድሳት የሦስት ተቋራጮች ዋጋ የተራራቀው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የመታጠቢያ ቤቴን ላሳድስ ፈልጌ ለሦስት ተቋራጮች ቤቱን አሳየኋቸውና ዋጋ እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። የመጨረሻው ዋጋ የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ማን እያታለለኝ እንደሆነ እንዴት ልወቅ?»

መልስ፦ ምናልባት ማንም አላታለለዎትም። ሦስቱ ዋጋ የሰጡት ለሦስት የተለያዩ ሥራዎች ሊሆን ይችላል። የሥራው ዝርዝርና መጠን በጽሑፍ ካልተሰጠ እያንዳንዱ ተቋራጭ በራሱ ግምት ይሞላዋል። አንዱ ነባሩ ልስን ደህና ነው ብሎ ያስባል፤ ሌላው ከሴራሚኩ ሥር ያለው ሁሉ ረጥቦ ይሆናል ብሎ በመስጋት ልስኑን በሙሉ አፍርሶ ለመሥራት ያሰላል። ስለዚህ ሦስቱንም ወረቀቶች ለጊዜው ያስቀምጡና የዋጋ ጥሪውን እንደገና በጽሑፍ ያዘጋጁ።

በመጀመሪያ ክፍሉን ይለኩ። ለምሳሌ ወለሉ 2.4 በ1.8 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 4.3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የአራቱ ግድግዳዎች ዙሪያ 8.4 ሜትር ስለሚሆን፣ ሴራሚኩ እስከ 2.1 ሜትር ከፍታ የሚለጠፍ ከሆነ የበሩ ቦታ ተቀንሶ ወደ 16 ካሬ ሜትር ይደርሳል። እነዚህን መጠኖች እርስዎ ጽፈው ይስጡ፤ ተጫራቾቹ ከየሥራው ፊት ለፊት ነጠላ ዋጋና ድምር ይሙሉ። የማፍረሱን ሥራ፣ ፍርስራሹን ከግቢ አውጥቶ መጣሉን፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ የውኃ መከላከያ ቅቡን፣ የሴራሚክ ልጠፋውንና የዕቃ ገጠማውን ለየብቻ ያስፍሩ። ሴራሚኩንና የመታጠቢያ ዕቃዎቹን ማን እንደሚገዛም ይግለጹ። አንዱ ተጫራች ዕቃ ከነሥራው፣ ሌላው የእጅ ዋጋ ብቻ የሚሰጠው ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የማይታየው ክፍል ነው። ሴራሚኩ ሳይነሳ ምን ያህል ልስን እንደተበላሸ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ «የተበላሸ ልስን ማደስ፣ በግምት 6 ካሬ ሜትር፣ ክፍያው በተለካው መጠን» ብለው ለሁሉም እኩል ቁጥር ይስጡ። ግምቱ ቢሳሳት እንኳ ነጠላ ዋጋው አስቀድሞ ስለታወቀ ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ አዲስ ድርድር አይነሳም። እኔ በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ጭቅጭቆች አብዛኞቹ የተጀመሩት ይህ መስመር በሌለበት ወረቀት ላይ ነው።

ዋጋዎቹ ሲመጡ ድምራቸውን ብቻ አያወዳድሩ። የመጀመሪያው ተጫራች 100፣ የሁለተኛው 118 ነው እንበል። የመጀመሪያው ፍርስራሽ ማስወገዱን (6)፣ የውኃ መከላከያ ቅቡን (9) እና የልስን ጥገናውን (8) ባዶ ትቷቸዋል፤ በቅንፍ ያሉት ሁለተኛው ለእነዚሁ ሥራዎች የሞላቸው ዋጋዎች ናቸው። ባዶ የተተዉት በድምሩ ውስጥ ተካተው እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁት። ካልተካተቱና የራሱን ዋጋ ካልሰጠ በሁለተኛው ዋጋ ሲሟሉ የእሱ 123 ይሆናል፤ ርካሽ የመሰለው ተወደደ ማለት ነው።

የመምረጫ መስፈርቱን ከጥሪው ጋር አብረው ያሳውቁ። ለመታጠቢያ ቤት እኔ ለዋጋ 50፣ ሄደው ሊያዩት ለሚችሉት ተመሳሳይ ሥራ 25፣ ለጊዜ ሰሌዳ 15፣ ለዋስትና 10 ነጥብ እሰጣለሁ። የዋጋ ነጥቡ የሚገኘው ዝቅተኛውን ዋጋ ለእያንዳንዱ ተጫራች ዋጋ አካፍሎ በ50 በማባዛት ሲሆን፣ ከላይ ባለው ምሳሌ ሁለተኛው 50፣ የመጀመሪያው 48 ያገኛሉ። ባዶዎቹ ሳይሟሉ ተሰልቶ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 42 ያገኙ ነበር።

የጊዜ ሰሌዳውን በተመለከተ የማለቂያውን ቀን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ቅደም ተከተል ይጠይቁ። ቧንቧው ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት በግፊት መሞከር አለበት። የውኃ መከላከያ ቅቡ ከደረቀ በኋላ መውረጃው ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውኃ ለ24 ሰዓት ይተኛል፤ ከሥር እርጥበት አለመታየቱ ሳይረጋገጥ ሴራሚክ አይለጠፍም። አዲስ ልስንም ለመድረቅ የራሱን ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ ከሌሎቹ በግማሽ ጊዜ እጨርሳለሁ የሚል ሰው የትኛውን ሙከራ ወይም የትኛውን ማድረቂያ እንደዘለለ ይጠይቁት፤ አጥጋቢ መልስ ከሌለው የጊዜ ነጥቡን ይቀንሱበት እንጂ አይጨምሩለት።

ክፍያውንም በእነዚሁ ደረጃዎች ይከፋፍሉት፤ አንዱ ክፍያ የግፊት ሙከራው ሲያልፍ፣ ቀጣዩ የወለሉ የውኃ ሙከራ ሲያልፍ ይሁን። ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ክፍሉ ለጥቂት ወራት አገልግሎ ፍሳሽ አለመኖሩ እስኪታይ ድረስ በእርስዎ እጅ እንደሚቆይ በጥሪው ላይ ይጻፉ። ይህን አስቀድመው ካልገለጹ በኋላ የሚቀበልዎት ተቋራጭ አያገኙም።