ስቴንት ከገባ በኋላ፦ መድኃኒትና እርምጃ

«አባቴ ሃርት አታክ ይዟቸው ስቴንት ገብቶላቸው ትናንት ወጡ። ደህና ነኝ ብለው ክሎፒዶግሬሉን ሊተዉት ነው። መራመድስ ይችላሉ?»

በፍጹም እንዳይተዉት! ስቴንቱ የልብን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ አዲስ የብረት ቱቦ ነው፤ ደም ሊረጋበትና እንደገና ሊዘጋው ይችላል። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው የሚሰጡት ይህን ለመከላከል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ1 ዓመት ያህል። ጥርስ ሊነቀሉ ቢሄዱ እንኳ የልብ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አያቋርጡ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም እየፈሰሳቸው ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ሐኪሙ ካልከለከላቸው መራመድ ይችላሉ። በቀን ሁለቴ፣ 5 ደቂቃ ያህል፣ ሜዳ ላይ ይጀምሩ። ካልከበዳቸው በየቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። እየሄዱ ማውራት ካቃታቸው ፈጥነዋል ማለት ነው። ዳገቱና ጀሪካን መሸከሙ ይቆይ። ደረታቸውን ከጨመቃቸው ወዲያው ይቀመጡ። ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን ታዞላቸው ከሆነ አንድ ይውሰዱ፤ በ5 ደቂቃ ካልለቀቃቸው አምቡላንስ ጥሩ።