በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፣ በስልክ ይጠፋል፦ ቪዲዮ ከመልቀቅ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ደንገል ታንኳ አሠራር የ9 ደቂቃ ቪዲዮ ጨርሻለሁ። ሐይቁ ዳር ሁለት ታንኳ ሠሪ አባቶችን በእጅ ማይክ አነጋግሬ፣ ማይኩን ከገበያ በገዛሁት ኬብል ካሜራው ላይ ሰክቼ ነው የቀረጽኩት። በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፤ በእናቴ ስልክ ስከፍተው ግን ሙዚቃው ብቻ ይቀርና የአባቶቹ ድምፅ ይጠፋል። ጓደኛዬ ድምፁን ቢጨምርልኝ ጭራሽ ባሰበት። 2 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ ላይም ጥቁር ነገር ብልጭ ይላል። ነገ ልለቀው ነው፣ ካርዱንም ለሌላ ሥራ ላጠፋው ነበር። ምን ምን ልፈትሽ?» ከባሕር ዳር

ካርዱን እንዳታጠፋው። ከዚህ በታች የምነግርህ ጥገና የሚሠራው ያልተነካው ቅጂ ካለ ብቻ ነው።

እንደ ነገርከኝ ከሆነ ጥርጣሬዬ ኬብሉ ላይ ነው። ሙዚቃው እየተሰማ የሰው ድምፅ ብቻ ከጠፋ፣ ችግሩ የድምፁ ማነስ አይደለም። ግራውና ቀኙ እርስ በርስ እየተጣፉ ነው። ይህን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልግባበት።

የእጅ ማይክህ መሰኪያ ሦስት እግር አለው። 1ኛው እግር መሬት ነው። 2ኛውና 3ኛው የሚያወጡት ያንኑ ድምፅ ነው፤ ግን ተገልብጦ። ማዕበሉ በ2ኛው ወደ ላይ ሲወጣ በ3ኛው ወደ ታች ይወርዳል። እንዲህ የተሠራው ረጅም ገመድ መንገድ ላይ የሚለቅመውን ጉርምርምታ ለማጥፋት ነው፤ ለዚህ ታስቦ የተሠራ ሚክሰር አንዱን መልሶ ይገለብጥና ሁለቱን ይደምራል። የካሜራህ ትንሽ ቀዳዳ ግን ይህን አያውቅም። እሱ የሚጠብቀው በሚሰካበት መሰኪያ ጫፍ ላይ ግራ፣ ከጫፉ ቀጥሎ ባለው ቀለበት ላይ ቀኝ ነው። ርካሹ ኬብል 2ኛውን እግር ከጫፉ፣ 3ኛውን ከቀለበቱ ጋር ያገናኛል። ስለዚህ ግራ ጆሮህ ትክክለኛውን፣ ቀኝ ጆሮህ የተገለበጠውን ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫ ሁለቱ ስለማይገናኙ ድምፁ አለ፤ ብቻ ከፊትህ የሚመጣ አይመስልም፣ ከጆሮህ ጀርባ እንደተበተነ ሆኖ ይሰማል። አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያለው ስልክ ግን ግራና ቀኙን አንድ ላይ ይደምራል። አንድን ታንኳ ሁለት ሰው በእኩል ጉልበት አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ቢገፋው ካለበት እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ፣ የማጉያው ሽፋንም ባለበት ይቆማል። ሙዚቃውን ያስገባኸው በኮምፒውተር ስለሆነ ግራና ቀኙ አይጣላም፤ ለዚህ ነው እሱ ብቻውን የቀረው።

የጓደኛህ ጥገና ያልሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱንም ወገን እኩል ብትጨምራቸው ድምራቸው ያው ዜሮ ነው። ያተረፈው ነገር ቢኖር በጆሮ ማዳመጫ ላይ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነው። መለኪያ ሳያዩና መንስኤውን ሳይፈልጉ ድምፅ መጨመር ብዙ ጥሩ ቀረጻ አበላሽቷል።

ጥርጣሬዬን እንዲህ አረጋግጥ። የወጣውን ቪዲዮ `ffmpeg` በሚባለው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም ወደ አንድ ቻነል አጥፈው፦

```
ffmpeg -i tankwa.mp4 -vn -ac 1 mono.wav
```

`mono.wav` ላይ አባቶቹ ከጠፉ ወይም ከቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናገሩ ከቀጠኑ፣ ነገሩ ያልኩህ ነው። በዓይንህ ማየት ከፈለግህ የማይኩን ቅጂ ኦዳሲቲ ውስጥ ከፍተህ አንድ ቃል ላይ በጣም አጉላው። የላይኛው መስመር ጉብ በሚልበት ቦታ የታችኛው ጎድጎድ ይላል።

ጥገናው ደቂቃም አይፈጅም። የጓደኛህን ቅጂ ተወውና ከካርዱ ዋናውን አምጣ፤ እሱ ድምፁን ጨምሮ ወደ ፋይል አውጥቶት ከሆነ አናታቸው የተቆረጠ ማዕበሎች አይመለሱም። ካርዱን አታጥፋ ያልኩህ ለዚህ ነው። ፕሪሚየር የምትጠቀም ከሆነ ከኤፌክቶቹ `Fill Right with Left` የሚለውን የማይኩ ክሊፖች ላይ ብቻ ጣልባቸው፤ ሙዚቃውን አትንካ። በኦዳሲቲ ከሆነ የትራኩን ስም ተጭነህ `Split Stereo to Mono` በል፣ ከሁለቱ ሹክሹክታ የሚበዛበትን ሰርዝ። ብየዳ የምትችል ከሆነ ደግሞ ኬብሉንም አስተካክለው፤ 2ኛውን እግር ከጫፉም ከቀለበቱም፣ 1ኛውንና 3ኛውን ከመሰኪያው ግንድ ጋር አገናኝ። ያለዚያ የሚቀጥለውም ቀረጻ እንዲሁ ይሆናል።

መጠኑን የምትለካው ከዚህ በኋላ ነው፤ በፊት አይደለም። መለኪያዎቹ ግራና ቀኝን ለየብቻ ስለሚያነቡ፣ በስልክ ጭራሽ የማይሰማ ንግግር መለኪያው ላይ ጤነኛ ሆኖ ይታያል። የንግግሩ ከፍታ ከ-10 እስከ -6 ዴሲቤል ድረስ ይመላለስ። ሙዚቃው ንግግር ባለበት ቦታ ሁሉ ከንግግሩ ቢያንስ በ15 ዴሲቤል ይነስ፤ ክራር ወይም ማሲንቆ ከሆነ ድምፁ የሰው ድምፅ ባለበት ክልል ስለሚውል እስከ 20 አውርደው። ቪዲዮውን ካወጣህ በኋላ ጠቅላላውን ለካ፦

```
ffmpeg -i tankwa.mp4 -vn -af ebur128=peak=true -f null -
```

መጨረሻ ላይ ከሚመጣው ማጠቃለያ የምትፈልገው ሁለት ቁጥር ነው፤ `I` የጠቅላላው ድምፅ መጠን ነው፣ `Peak` ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ጫፍ። ዩቲዩብ `I` ከ-14 የሚበልጠውን ራሱ ይቀንሰዋል፣ ዝቅ ያለውን ግን አይጨምርልህም። እንበል `I` -19፣ `Peak` ደግሞ -3 ቢወጣልህ፣ ለ-14 የሚያስፈልግህ 5 ዴሲቤል ነው። እንዳለ ብትጨምረው ጫፉ +2 ላይ ደርሶ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋናው መስመር ላይ ጣሪያው -1 የሆነ ሊሚተር አስገባና 5ቱን ከሊሚተሩ በፊት ጨምር። ሊሚተሩ የሚነካው ጥቂት ጫፎችን፣ ምናልባት የመዶሻ ምትን ወይም ሳቅን ነው።

ወደ ጥቁሩ ብልጭታ። 2፡14 ላይ ያለው፣ ጓደኛህ ክሊፑን አውጥቶ መልሶ ሲያስቀምጠው የተረፈ የአንድ ፍሬም ክፍተት ይመስለኛል። ሌላው የተለመደ ምንጭ በሴኮንድ 30 ፍሬም የተቀረጸ የስልክ ክሊፕ በ25 ፍሬም ሥራ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ርዝመቱ በሙሉ ፍሬም ስለማያልቅ ጫፉ ላይ ሽራፊ ይቀራል። በዓይን ብቻ አትፈልገው፤ በ25 ፍሬም አንዷ የምትቆየው 0.04 ሴኮንድ ነው፣ ዓይንህን ስታርገበግብ ታመልጥሃለች።

```
ffmpeg -i tankwa.mp4 -vf blackdetect=d=0.03:pix_th=0.10 -an -f null -
```

`d=0.03` የሚለውን አትርሳ። ካልጻፍከው ትእዛዙ ከ2 ሴኮንድ ያነሰ ጥቁርን ስለማይቆጥር «ንጹሕ ነው» ብሎ ያሳስትሃል። `black_start:134.2 black_end:134.24` የሚል መስመር ካየህ ያ የአንተው ብልጭታ ነው፤ 134 ሴኮንድ ማለት 2 ደቂቃ ከ14 ነው። ሆን ብለህ ያደረግኸው መጥቆርም ስለሚዘረዘር እያንዳንዱን ሰዓት ከሥራህ ጋር አስተያይ። ፕሪሚየር ውስጥ ከ`Sequence` ሥር `Go to Gap` የሚለው ክፍተቶቹን በየተራ ያሳይሃል። ክፍተቱን የጎረቤቱን ክሊፕ በአንድ ፍሬም በመሳብ ሙላው። ክፍተቱን ሰርዘህ ሁሉንም ወደ ግራ ብትገፋው፣ በተቆለፈ መስመር ላይ ያለ ጽሑፍ ወይም ሙዚቃ ባለበት ቀርቶ ከምስሉ ይለያል። የቪዲዮውን ጠቅላላ ርዝመትም እይ፤ 9 ደቂቃ መሆን ሲገባው 13 ከሆነ ከሥራው ማዶ በስተቀኝ የተረሳ ቁራጭ ድምፅ አለ፣ በመካከሉ ያለው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል።

ፊደሉን ቪዲዮው ላይ እያየህ አታርመው፤ ዓይን ምስሉን ተከትሎ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ፣ ርዕሱን፣ መግለጫውንና የሽፋን ምስሉን ቃላት ጨምረህ አንድ ገጽ ላይ ገልብጥና ከመጨረሻው መስመር ወደ መጀመሪያው አንብብ። አንድ ቦታ «ባሕር ዳር» ሌላ ቦታ «ባህር ዳር»፣ አንዴ «ዓባይ» አንዴ «አባይ» ከሆነ አንዱን መርጠህ ጨርስ። የአንተ ቪዲዮ ዋና ቃል «ታንኳ» ነው፤ በስልክ ሲጻፍ «ታንክዋ» እና «ታንኩዋ» ሆኖ ስለሚገባ በፍለጋ እየፈለግህ አቅናው። በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ጊዜ የተመታ `::` ካለም ተካው። የአባቶቹን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ራሳቸውን ወይም ልጆቻቸውን ጠይቅ፤ ሰው ስሙ ተሳስቶ ሲያየው ሌላውን ሥራህን ሁሉ ይረሳዋል። ፎንቱን በተመለከተ የግዕዝ ፊደል የሌለው የፈረንጅ ጌጠኛ ፎንት አትምረጥ። ያንተ ኮምፒውተር ሌላ ፎንት ተክቶ ደህና ያሳይሃል፣ ሥራውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ ስታወጣው ግን ባዶ ሣጥን ተደርድሮ ይመጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነጻ ነው፣ ወፍራሙም አለው።

የሽፋን ምስሉን 1280 በ720 አድርገህ ሥራው። ከዚያ አውራ ጣትህ እስክታክል አሳንሰውና ክንድህን ዘርግተህ ተመልከተው፤ ጽሑፉ ካልተነበበ ቃል ቀንስ እንጂ ጥላና ጠርዝ አትደራርብበት። ሦስት ወይም አራት ቃል ይበቃል። የቀትር ጣና ምስል ላይ ውኃውም ሰማዩም ስለሚያንጸባርቅ ነጭ ጽሑፍ ይሟሟል፤ ጽሑፉን በጥላው ውስጥ ባለው የደንገል ነዶ ላይ አሳርፈው ወይም ጥቁር ፊደል ተጠቀም። የታችኛውን ቀኝ ጥግ ባዶ ተወው፣ የቪዲዮው ርዝመት የሚጻፍበት ቦታ ነው። የራስህን ሽፋን ለመጫን አካውንትህ በስልክ ቁጥር የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ይህን ዛሬ ጨርሰው፣ ነገ ሰዓቱ ሲደርስ አይደለም።

ካርዱ ደግሞ ዋናው ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ተቀድቶ፣ ከሁለቱም ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ አይጥፋ። ነገ ለሌላ ሥራ ካስፈለገህ ሌላ ካርድ ተዋስ።

ስትጭን በቀጥታ ለሕዝብ አትልቀቀው፤ `Unlisted` አድርገህ ጫን። አንዴ ከወጣ በኋላ በዚያው አድራሻ ፋይሉን በተስተካከለ መተካት አይቻልም፤ ስህተት ካገኘህ አጥፍተህ እንደገና መጫን ነው፣ ዕይታውና አስተያየቱም አብሮ ይጠፋል። ዩቲዩብ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ዝቅተኛውን ጥራት ነውና ምስሉ ደብዝዞ ብታየው አትደንግጥ። የጥራት ምርጫው ላይ 1080 እስኪመጣ ጠብቅ፤ ከዚያ ያንን ሊንክ በእናትህ ስልክ ክፈት፣ 2፡14 ላይ ያለውን ብልጭታና የአባቶቹን የመጀመሪያ ቃል ፈትሽ፣ ሁለቱም ደህና ከሆኑ ወደ `Public` ቀይረው።